«እሺ፣ እንደተባለው» አይበቃም፦ የሽማግሌ ቀጠሮን የሚዘጋ መልእክት አጻጻፍ

ኅዳር ላይ ለታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ ልከን ነበር። ቀኑን ለመቁረጥ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ግማሹ አዲስ አበባ፣ የቀረው ሜሪላንድና ዱባይ። መጀመሪያ ቅዳሜ ተባለ፤ የልጅቷ አባት የዕድር ስብሰባ አለባቸው። እሁድ ጠዋት ተባለ፤ የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ አይቀሩም። ኅዳር 14 ይሁን ተባለ፤ በማግስቱ ጾመ ነቢያት ይገባል። የሴት ወገን ደግሞ «አስበን እንመልስ» ብለው ሌላ ቀን ከቀጠሩን ጉዳዩ ጾሙ ውስጥ ሊገባ ነው። በመጨረሻ ኅዳር 7 ላይ ተገናኘን።

ያኔ አንዱ የአጎቴ ልጅ «እሺ፣ በቃ እንደተባለው!» ብሎ ጻፈ። ወዲያው አውራ ጣቱ ተደረደረ።

እንደተባለው? የትኛው እንደተባለው? ወደ ላይ ስቆጥር አራት ቀን፣ ስድስት ሰዓትና ሦስት መሰብሰቢያ ተብሏል። አውራ ጣት ያደረገው ሁሉ የየራሱን «እንደተባለው» ይዞ ነው የወጣው።

ይሄን የምፈራው በምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ዘመዳችን ሽማግሌ ስንልክ መዝጊያ መልእክት የጻፈ ሰው አልነበረም። መሰብሰቢያው 9 ሰዓት፣ ልጅቷ ቤት መድረሻው 10 ሰዓት ነበር። አንድ አጎታችን 9 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ይዘው ቀጥታ ልጅቷ ቤት ሄዱ። ብቻቸውን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት። ቤቱ ገና እየተወለወለ ነው። ሽማግሌ ደግሞ በወጉ ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ፣ ቆሞ፣ የመጣበትን ተናግሮ ነው የሚቀመጠው። እሳቸው ግን ኩሽና በር አጠገብ በርጩማ ተሰጥቷቸው ሌሎቹን ሲጠብቁ ቆዩ። እስከ ዛሬ ይነሳባቸዋል።

ስለዚህ ዘንድሮ መልእክቱን እኔ ልጻፍ ብዬ ተቀበልኩ። አደራረጌን በተራ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ነገሩ እውነት ማለቁን አረጋግጡ

መዝጊያ መልእክት የሚጻፈው ከተስማሙ በኋላ ነው። ያላለቀ ነገር እንዳለቀ አድርጎ የጻፈ ሰው አዲስ ንትርክ ይከፍታል። ለሽማግሌ ቀጠሮ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠው የሴት ወገን ነው። የእኛ ግሩፕ ውስጥ አሥራ አንዱም ቢስማማ የልጅቷ አባት «ይሁን» ካላሉ ቀጠሮ የለም።

እኔ ከመጻፌ በፊት ለልጅቷ ታላቅ ወንድም ደወልኩለት። «ኅዳር 7 እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ አባባ ጋ ተነግሯል?» አልኩት። «ለእማማ ነግሬያለሁ፣ ለአባባ ማታ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። እንግዲህ አላለቀም ማለት ነው። አንድ ቀን ጠበቅኩ። በማግስቱ «አባባ እሺ ብለዋል» ሲለኝ ነው ስልኬን ያወጣሁት።

2. ወደ ላይ ወጥታችሁ ልቀሙ፣ ግን በወረቀት

ከትዝታ አትጻፉ። ከመጀመሪያው መልእክት ጀምራችሁ አንብቡና አምስት ነገር ለዩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ይሄዳል፣ ማን ማንን ያመጣል። በየአንዳንዱ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተባለውን ብቻ ጻፉ። አዲስ ነገር በተባለ ቁጥር የድሮውን ሰርዙ።

ይሄን ሳደርግ ያገኘሁት ነገር አስገርሞኛል። ቀኑ በመጨረሻ ኅዳር 7 ላይ ሲቆረጥ የመድረሻውን ሰዓት ማንም አላነሳውም ነበር። «10 ሰዓት» የተባለው ለቅዳሜው ነው። ለእሁዱም ይሠራል ብለን ሁላችንም በየሆዳችን ገምተናል፤ ማንም ግን በአፉ አላለውም። እንዲህ ዓይነቱን «ያልተባለ ግን የታሰበ» ነገር ካገኛችሁ መልእክቱ ውስጥ ደብቃችሁ አታስገቡት። ለብቻው ጠይቁና መልስ ሲመጣ ጻፉት። ለልጅቷ ወንድም ስደውል ሰዓቱንም ጨምሬ የጠራሁት ለዚህ ነው።

3. ቀኑን በሦስት መልክ ጻፉት

የቀኑን ስም፣ የእኛን አቆጣጠር፣ የፈረንጁን አቆጣጠር። ሦስቱም አንድ ላይ፦ እሁድ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 16፣ 2025።

ይሄ ለጌጥ አይደለም። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን ግሩፑ ላይ «ኖቬምበር 16 አይደል?» ብላ ጽፋ ነበር። ልክ ናት። ግን እናታችን ያንን አይታ «16 ሆነ እንዴ?» ብላ ደወለችልኝ። እኛ አገር ብዙ ሰው ኖቬምበር ሲባል በአፉ ኅዳር ብሎ ነው የሚተረጉመው። ቁጥሩን ሳይነካ የወሩን ስም ብቻ ይቀይረዋል። ኖቬምበር 16 ኅዳር 16 ይሆናል፣ ዘጠኝ ቀን ይንሸራተታል።

የቀኑ ስም እዚህ ላይ ነው የሚያድነው። ኅዳር 16 ማክሰኞ ነው። «እሁድ ኅዳር 7» ብሎ ያነበበ ሰው 16 የሚል ነገር ከሰማ ቀኑ እንደማይገጥም ራሱ ያየዋል። እናንተም ስትጽፉ በዚሁ ፈትሹ። የግድግዳ ካሌንደር አውርዳችሁ የቀኑ ስምና ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ካሬ ላይ መዋላቸውን እዩ። በ2018 ኅዳር ላይ ዘጠኝ ስትደምሩ የኖቬምበሩን ታገኛላችሁ። ይሄ ስሌት ግን ለየወሩ ይለያያል፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ዓመት ቀጥሎም በአንድ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ካሌንደሩን ማየት ይሻላል።

በቁጥር ብቻ አትጻፉ። 7/3/2018 ለእኔ ኅዳር 7 ነው፣ ኅዳር ሦስተኛ ወር ናትና። ሜሪላንድ ያለው ሰው ጁላይ 3 ብሎ ያነበዋል። አውሮፓ ያለው ማርች 7።

«የፊታችን እሁድ»፣ «የሚቀጥለው እሁድ»፣ «እሁድ ሳምንት» የሚሉትም ለአፍ እንጂ ለጽሑፍ አይሆኑም። ሐሙስ የተጻፈ «የፊታችን እሁድ» ሰኞ ሲነበብ ሌላ እሁድ ነው። ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ሁሌም አራት ቀን ዘግይቶ የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ ሁለት አሉ።

4. ሰዓቱን ማንም ሌላ ሰዓት እንዳያነበው አድርጉ

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነውና።

የእኛ 10 ሰዓት ፈረንጁ 16:00 የሚለው ነው። ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም የከተማ ልጅ «10» ሲያይ ጠዋት 4 ሰዓት ነው ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። ስለዚህ በሁለቱም ጻፉት፦ ከቀኑ 10 ሰዓት (16:00)። ከቀትር በኋላ ላለ ሰዓት የሃያ አራቱ ሰዓት አጻጻፍ በጣም ይመቻል። ከ12 በላይ የሆነ ቁጥር የእኛ ሰዓት ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ማንም አይሳሳተውም። ለጠዋት ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። 08:00 ብቻ ብትጽፉ አክስቴ ከቀኑ 8 ሰዓት ትመጣለች። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለው ቃል አብሮት ይሁን።

«ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉትን አትዝለሉ። «ለ10 ሩብ ጉዳይ» ስንነጋገር ያምራል፣ ሲጻፍ ግን አንዳንዱ አሥሩን ብቻ ያያል። 9፡45 በሉ።

ውጭ ላሉት ደግሞ ስሌቱን እናንተ ሥሩላቸው። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ዓመቱን ሙሉ። አሜሪካ ግን ይቀያየራል። በሜሪላንድና በዋሽንግተን ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ሰዓት ይገፋሉ፣ እኛ አንገፋም። ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሁድ ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ውጭ 8። እኛ ንግግሩን የጀመርነው ጥቅምት ላይ ነው። እህታችን ያኔ «11 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ፣ ለእኔ ጠዋት 10 ነው» ብላ ጽፋለች፣ ልክ ነበረች። ግን ኖቬምበር 2 ላይ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ተመለሰ። በቀጠሮው ቀን የእኛ 11 ሰዓት ለእሷ ጠዋት 9 ነው። የድሮ መልእክቷን ይዤ ብጽፍ ኖሮ እሷ 10 ሰዓት ላይ ስልኳን ስትጠብቅ ነገሩ አልቆ፣ ሁሉም ተበትኖ ነበር።

አንድ አቋራጭ ልስጣችሁ። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ስለሚያንስ የሐበሻውን ሰዓት ቁጥር ይዛችሁ ለዋሽንግተን አንድ (በጋቸው ላይ) ወይም ሁለት (በክረምታቸው) ቀንሱ። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሁለት ሲቀነስ 9። ጠዋት ይሁን ማታ ግን አስባችሁ ጨምሩበት፤ የእኛ ከሰዓት በኋላ የእነሱ ጠዋት ነው።

ሌሊትን በተመለከተ አንድ ጉዳይ አለ። ከዱባይ የሚመጣው የአጎቴ ልጅ ትኬቱ ላይ «ኖቬምበር 16፣ 01:30» ይላል። በፈረንጁ እሁድ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ገና የቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል። «እሁድ ሌሊት 7፡30» ብዬ ብጽፍ የሚቀበለው ሰው ኤርፖርት የሚሄደው ሽማግሌው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ነው። አገራችን ለዚህ ጥሩ አነጋገር አላት፦ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ»። እሱን ጻፉ። ላለመጠራጠር ደግሞ «ቅዳሜ ማታ ሳትተኙ» ብዬ ጨመርኩበት።

5. ሁለት ሰዓት ካለ፣ ሁለቱን በተለያየ ቃል ጥሩ

ሽማግሌ መላክ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ሰዓትና ሁለት ቦታ አለው፦ መሰብሰቢያና መድረሻ። በርጩማ ላይ የተቀመጡት አጎታችን የወደቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው። ሰዓትና ቦታን በተለያየ መስመር አትጻፉ። «ሰዓት፦ 9 እና 10፣ ቦታ፦ ሲኤምሲና ሰሚት» ብሎ የጻፈ ሰው ማጣመሩን ለአንባቢው ጥሎለታል። እያንዳንዱ ሰዓት ከቦታው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ።

ሌላው ነገር፣ ሰው ያረፍዳል ብላችሁ የውሸት ሰዓት አትጻፉ። «9 በላቸው፣ 10 ይመጣሉ» የሚለው ዘዴ ከመካከላቸው ሰዓት አክባሪ አንድ ሰው እስኪገኝ ድረስ ነው የሚሠራው። የእኛ መምህር ጎረቤታችን 9 ከተባሉ 8፡50 ቆመው ይገኛሉ። በምትኩ ሁለት እውነተኛ ሰዓት ስጡ፦ የሚሰበሰቡበትና መኪናው የሚነሳበት። 9 ሰዓት መሰብሰቢያ፣ 9፡30 መነሻ። ያረፈደ ሰው የሠላሳ ደቂቃ ቦታ አለው፣ ቀድሞ የመጣውም ለምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

6. ቦታውን ለማያውቅ ሹፌር ጻፉት

አዲስ አበባ ውስጥ «ሚካኤል ጋ» ማለት ቦታ መናገር አይደለም። ከተማው ውስጥ ስንት ሚካኤል አለ! «ሲኤምሲ ሚካኤል» ሲባል ጠበበ፤ ግን በየትኛው በር? ግቢ ውስጥ ወይስ ውጭ? መኪና ይዘው የሚመጡ ሽማግሌዎች ውጭ ይቆማሉ፣ የንስሐ አባታችን ግን ቤተ ክርስቲያን ከተባሉ ቀጥታ ግቢ ነው የሚገቡት። ስለዚህ «ዋናው በር ፊት ለፊት፣ ከግቢው ውጭ» ብዬ ጻፍኩ። (ደግነቱ ኅዳር 7 ነበር። ኅዳር 12 ቢሆን ኖሮ ዓመታዊው ሚካኤል ነው፣ እዚያ በር ላይ መኪና ማቆም የማይታሰብ ነገር ነው። የመሰብሰቢያ ቦታ ስትመርጡ የዕለቱን በዓል እዩ።)

ካፌ፣ ባንክ ወይም ነዳጅ ማደያ ከመረጣችሁ ቅርንጫፉን ጻፉ። አንድ ስም ያለው ዳቦ ቤት በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱ፣ ብሎኩ፣ የቤት ቁጥሩና ፎቁ። ፎቁን ሰው ይረሳዋል። ትልቁ ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ቀድመው ቢያውቁ ምርኩዛቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ካርታ መላክ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ቴሌግራም ላይ ቦታ ስትልኩ መጀመሪያ የሚመጣው እናንተ ያላችሁበት ቦታ ነው። የአጎቴ ልጅ የልጅቷን ቤት ልላክ ብሎ ቢሮው ተቀምጦ የቢሮውን ልኮት ነበር። ካርታው ላይ ነጥቡን በጣት ወስዳችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ከላካችሁ በኋላ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። የሚንቀሳቀሰውን «ላይቭ» የሚባለውን አትላኩ፣ ጊዜው ሲያልቅ ይጠፋል።

7. መልእክቱ ራሱ

ይኸው የጻፍኩት። የሰዎቹን ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ አውጥቻለሁ።

> የሽማግሌ ቀጠሮ፣ የመጨረሻው
>
> ቀን፦ እሁድ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 (በፈረንጅ ኖቬምበር 16፣ 2025)
>
> መሰብሰቢያ፦ ከቀኑ 9 ሰዓት (15:00)፣ ሲኤምሲ ሚካኤል፣ ዋናው በር ፊት ለፊት፣ ከግቢው ውጭ። መኪኖቹ 9፡30 ይነሳሉ።
>
> ልጅቷ ቤት የምንደርሰው፦ ከቀኑ 10 ሰዓት (16:00)፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ …፣ ቤት ቁጥር …፣ 3ኛ ፎቅ። ሁሉም አብሮ ነው የሚገባው፣ ማንም ቀድሞ እንዳይሄድ።
>
> የሚሄዱት፦ ትልቁ ጋሼ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤታችን መምህሩ፣ የእናታችን ወንድም። አራት ናቸው። ሹፌሮች ታች ይጠብቃሉ።
>
> ትልቁን ጋሼን የሚያመጣቸው፦ የአጎቴ ልጅ፣ ከቀኑ 8፡30 (14:30) ከቤታቸው።
>
> ሜሪላንድ፦ መልሱን በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ደውለን እንነግራችኋለን። በእናንተ እሁድ ጠዋት 9፡00 ነው። ሰዓታችሁ ስለተመለሰ ድሮ የተባባልነውን አትያዙ።
>
> በዕለቱ ችግር ካለ፦ ለእኔ ደውሉ፣ ስልክ …። ካላነሳሁ ለእናታችን።
>
> ከዚህ በፊት የተባለው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ሁሉ ቀርቷል። ይሄን ብቻ ያዙ።
>
> ሽማግሌዎቻችንና ሹፌሮች፦ ከየት ተነስታችሁ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ እዚሁ ጻፉልኝ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተሰረዙትን ቀኖች በቁጥር አልጠራኋቸውም። «ቅዳሜ 8 ሰዓት የተባለው ቀርቷል» ብዬ ብጽፍ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ዓይን «ቅዳሜ 8 ሰዓት» ላይ ያርፋል፣ «ቀርቷል» የምትለዋን ይዘላታል። መልእክቱ ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ የሚሠራ ቁጥር ይሁን። ሁለተኛ፣ ምስጋናና «እግዚአብሔር ያሳካልን» አላስገባሁም። እናቴ ቅር አላት፣ «ደረቅ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ምርቃቱን በሚቀጥለው መልእክት ለብቻው ላኩት፣ ከላይ ከሆነ ቀኑ ወደ ታች ይወርድና ዓይን ሳያርፍበት ይታለፋል።

የዱባዩ ልጅ የበረራ ሰዓትም እዚህ የለም። እሱን የሚመለከተው የሚቀበለውን ሰው ብቻ ስለሆነ ለሁለቱ ለብቻቸው ጻፍኩ።

8. ለሴት ወገን ይሄንኑ አትላኩ

«ፎርዋርድ» አድርጎ መገላገል ይቻላል፣ ግን አታድርጉት። እነሱን የሚመለከታቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ 10። የመሰብሰቢያችን 9 ሰዓት ካዩ ምግቡን ለ9 ያደርሳሉ። አጻጻፉም ይለያል፤ ለእነሱ የምንጽፈው በማክበር ነው። ለልጅቷ ወንድም ለአባቱ እንዲያነብላቸው ይሄን ላክሁለት፦

> «እንደተፈቀደልን እሁድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አራት ሽማግሌዎች ቤትዎ ይደርሳሉ። የተሳሳተ ነገር ካለ ይንገሩን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ታስፈልጋለች። ትልቅ ሰው «አረጋግጡልኝ» ሲባል ደስ አይለውም፣ «ካለ ይንገሩን» ሲባል ግን አይቶ ይመልሳል።

9. አውራ ጣት መልስ አይደለም

ግሩፕ ላይ አውራ ጣት ማለት «አይቻለሁ» ነው። «እሺ»ም እንደዚያው፣ አንዳንዴ «ተወኝ» ማለትም ነው። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ከየት እንደሚነሱ የጠየቅኩት። «ከገርጂ 8፡30 እወጣለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ሰዓቱንም ቦታውንም አንብቦታል። የእናታችን ወንድም «ከቤት 9፡30 እነሳለሁ» ብለው ሲጽፉ መነሻውን ከመሰብሰቢያው እንዳምታቱት ወዲያው ታወቀ። ደውዬ አስተካከልን። አውራ ጣት ቢሆን ኖሮ የሚታወቀው በዕለቱ ነበር።

ትልቁ ጋሼ ስማርት ስልክ የላቸውም። ለእሳቸው ደወልኩና ያሉትን አስደገምኳቸው። «እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ተኩል፣ ልጁ ይመጣል» አሉ። በቃ፤ እሳቸው ስለ ሲኤምሲም ስለ ሰሚትም ማስታወስ የለባቸውም። ከዚያ አጭር የስልክ መልእክት ላክሁ፣ የልጅ ልጃቸው እንድታነብላቸው፦

> «እሁድ ኅዳር 7 ከቀኑ 8፡30 መኪና ቤትዎ ድረስ ይመጣል። ሌላው ሁሉ ቀርቷል።»

በፊደላችን የተጻፈ አጭር መልእክት በአንዱ ውስጥ የሚይዘው 70 ምልክት ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ይከፈላል፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ቁራጭ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ከላይ ያለው ሃምሳ አይሞላም።

10. ሰክታችሁ አስቀምጡት፣ ከተቀየረ ግን አትነካኩት

መልእክቱን ግሩፑ አናት ላይ ስኩት። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ልብስና ስለ ስጦታ ሃምሳ መልእክት ቢወርድም አናቱ ላይ ይኖራል።

አንድ ነገር ከተለወጠ ግን የተሰካውን ገብታችሁ አታርሙት። ቴሌግራም የታረመ መልእክትን ለማንም አያስታውቅም፤ ሐሙስ ያነበበ ሰው ዓርብ ያረማችሁትን አያውቅም። የድሮውን ንቀሉ። «የተለወጠ፣ 2ኛ» ብላችሁ ሙሉውን እንደገና ጻፉ፣ የተለወጠችውን አንዲት ነገር ብቻ ሳይሆን። ምን እንደተለወጠ አናቱ ላይ በአንድ መስመር ተናገሩ። እኛ ጋ ዓርብ ዕለት የሹፌር ለውጥ መጣ፤ የአጎቴ ልጅ መኪናው ጋራዥ ገባች። አንዲት መስመር ናት የተቀየረችው፣ ግን ሙሉውን ጽፌ ሰካሁት፣ ለትልቁ ጋሼም ሌላ ሰው እንደሚመጣላቸው ደውዬ ነገርኳቸው። የመኪናውን ቀለም ጭምር። ካላወቁት ሰው ጋር መኪና ውስጥ አይገቡም።

ቅዳሜ ማታ ለአራቱም አንድ አንድ ደቂቃ ደወልኩ። የንስሐ አባታችን አንስተው «ነገ 9 ሰዓት፣ ከግቢ ውጭ፣ አውቄያለሁ ልጄ፣ ተኚ» አሉኝ።